ሙሌቱ ሳይደርስ፦ ተለማማጅ መሐንዲስ ስህተቱን ለአለቃው እንዴት ያሳውቅ?

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ሲቪል ምህንድስና የሚማሩ ልጆች ከመመረቃቸው በፊት ለወራት ወደ ሥራ ቦታ ይወጣሉ። ሕንፃ በሚገነባበት ሳይት የተመደበ ኢንተርን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ከሚሰጡት ሥራዎች አንዱ ባር ስኬጁል ነው። ይህ ፌሮው በምን ያህል ርዝመት እንደሚቆረጥ፣ እንዴት እንደሚታጠፍና ስንት ፍሬ እንደሚያስፈልግ ከፕላኑ ላይ እያነበቡ የሚያወጡት ሠንጠረዥ ነው። ከባድ ስሌት የለውም፤ ፕላን ማንበብና ጥንቃቄ ይበቃዋል። ነገር ግን ወረቀቱ ጠዋት ፌራዮው እጅ ከገባ ከሰዓት በኋላ የተቆረጠ ብረት ሆኖ ይገኛል። የፈተና ስህተት እዚያው ወረቀቱ ላይ ይቀራል፤ የባር ስኬጁል ስህተት ግን እየተቆረጠ፣ እየታጠፈና እየታሰረ ወደ ሕንፃው ይገባል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት የአራተኛ ዓመት ተማሪ የአንደኛ ፎቅ ስምንት ቢሞችን ስኬጁል ሠርታ ሰኞ አስረከበች እንበል። ቢሞቹ 25 በ40 ሴንቲ ሜትር ናቸው፤ የእያንዳንዳቸው ርዝመት 6 ሜትር ነው። ስታፋው ባለ 8 ሚሊ ሜትር ፌሮ ሲሆን፣ እሷ በ20 ሴንቲ ሜትር ርቀት እንዲታሰር አድርጋ አወጣችው። ማክሰኞ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ሌላ ነገር ፍለጋ የተሻሻለውን ፕላን ስትገልጥ ግን ርቀቱ 15 ሴንቲ ሜትር ተብሎ ተጽፎ አየች። የሠራችው በአሮጌው ፕላን ነበር። ሙሌቱ ደግሞ ሐሙስ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ተይዟል።

ስሌቱ ቀላል ነው። 6 ሜትር ለ20 ሴንቲ ሜትር ተካፍሎ አንድ ሲጨመር 31 ስታፋ ይሆናል፤ ለ15 ሲካፈል ግን 41። በአንድ ቢም 10፣ በስምንቱ 80 ስታፋ ጎድሏል ማለት ነው። አንዱ ስታፋ ከነመንጠቆው 1 ሜትር ከ30 ያህል ፌሮ ይወስዳል። ከአንድ 12 ሜትር ዘንግ ዘጠኝ ስታፋ ስለሚወጣ፣ የጎደለው ሁሉ በዘጠኝ ዘንግ ይሸፈናል፤ ክብደቱም ወደ 43 ኪሎ ነው። እንደ ብረት ካየነው ትንሽ ጉድለት ነው። እንደ ቢም ካየነው ግን አይደለም። ስታፋ ቢሙን ድጋፉ አጠገብ በሰያፍ ከሚሰነጥቀው ኃይል የሚጠብቀው ነው፤ በዚህ በኩል የሚመጣ ስብራት ደግሞ ብዙ ማስጠንቀቂያ የማይሰጥ ነው።

ሰዓቱ ዋጋውን ይወስናል

ያው 80 ስታፋ በተለያየ ሰዓት የተለያየ ዋጋ አለው። ብረቱ ሳይቆረጥ ቢታወቅ ወረቀት መቀየር ብቻ ነበር። ተቆርጦ ሳይታሰር ቢታወቅ ዘጠኝ ዘንግ ጨምሮ መቁረጥ ነው። ከታሰረ በኋላ ማሰሪያ ሽቦው ተፈትቶ ስታፋዎቹ እንደገና ይደረደራሉ፤ ይህ የፌራዮውን ግማሽ ቀን ሊበላ ይችላል። አርማታው ከፈሰሰ ግን ስታፋ ማስገባት አይቻልም። ስለዚህ ኢንተርኗ በዚያች ሰዓት ራሷን መጠየቅ ያለባት «ምን ይሉኝ ይሆን?» ብላ ሳይሆን «ሥራው አሁን የቱ ጋ ደርሷል?» ብላ ነው። መልሱን ለማግኘት ከቢሮ ወጥታ ማየት አለባት። ሄዳ ስታይ የስምንቱም ስታፋ ተቆርጧል፤ ሦስቱ ቢሞች ታስረዋል፤ አምስቱ አልተነኩም።

ከመናገሯ በፊት ማጣራት ይገባታል፤ ማጣሪያው ግን አጭር ይሁን። ሁለቱን ፕላኖች ጎን ለጎን ዘርግታ የትኛው የኋለኛ እንደሆነ ከማዕዘኑ ሠንጠረዥ ላይ ቀኑንና የማሻሻያ ቁጥሩን ታያለች፤ አንዱን ቢም መልሳ ትቆጥራለች፤ የታሰሩትን በሜትር ትለካለች። ይህ ሁሉ ከአሥር፣ ከአሥራ አምስት ደቂቃ አይበልጥም። ሌሎች ፎቆችንም ልመርምር፣ ሙሉ ሠንጠረዡን አስተካክዬ ነው የምቀርበው ብትል ግን ማታ ይሆናል፤ እስከዚያ አራተኛውና አምስተኛው ቢም ይታሰራሉ። ሳይጣራ የቀረ ነገር ካለ ሳይጣራ መቅረቱን መናገር ይበቃል።

ለማን፣ በምን ቃል?

መንገር ያለባት ሥራውን ለሰጣት ሰው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ሳይት ኢንጅነሩ ወይም ኦፊስ ኢንጅነሩ ነው። ፌራዮው አጠገቧ ስለሆነ ብቻ «በ15 አድርገው» ብላ ማዘዝ የለባትም። ተለማማጅ ትእዛዝ የመስጠት ሥልጣን የላትም፤ ደግሞም እሷ የምትለውና ፎርማኑ የያዘው ወረቀት ከተለያዩ ስህተቱ ሁለት ይሆናል። ለፎርማኑ ማለት የምትችለው ይህን ያህል ነው፦ «ጋሼ፣ የቢሙ ስታፋ ላይ ጥያቄ አለ፤ ኢንጅነሩ እስኪመጡ ሌላ ሥራ ላይ ብትሆኑ ጥሩ ነው፤ አሁን ልጠራቸው ነው።» ይህ ማዘዝ አይደለም፤ ጊዜ ማትረፍ ነው።

ኢንጅነሩ በአካል ካሉ በአካል፣ ከሌሉ በስልክ ይነገራቸዋል። ስልክ ካላነሱ አንድ አጭር መልእክት ትልክና በቀጥታ ወደሚቀጥለው ኃላፊ ትሄዳለች። በሳይቱ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ መለጠፍ ግን ጥሩ አይደለም፤ ሁሉም ያነበዋል፣ እኔ ነኝ የምወስነው የሚል ግን ላይገኝ ይችላል።

ብዙ ተለማማጅ የሚሳሳተው በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። «ኢንጅነር፣ በጣም ይቅርታ፣ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ትናንት ትንሽ አሞኝ ነበር…» እያለ ሲጀምር ሰሚው የተጎዳ ሰው ያለ ይመስለዋል፤ ወይም ትዕግሥቱ ያልቅና ዋናውን ነገር ሳይሰማ ይቆጣል። «ስኬጁሉ ላይ ትንሽ ነገር ተፈጥሯል» ማለትም አይረዳም፤ ማን እንደሠራው፣ ምን ያህል እንደሆነ፣ አስቸኳይ መሆን አለመሆኑ አይታወቅም። ኢንጅነሩ ለመወሰን የሚፈልጉት አራት ነገር ነው፦ ምኑ ላይ ነው፣ ምን መሆን ሲገባው ምን ሆነ፣ ሥራው የት ደርሷል፣ እስከ መቼ መወሰን አለበት። እንዲህ ብትል ሁሉም ይመለሳል፦

«ኢንጅነር፣ የአንደኛ ፎቅ ቢሞች ስታፋ ላይ ተሳስቻለሁ። በ15 መሆን ሲገባው በ20 አውጥቼዋለሁ፤ የሠራሁት በአሮጌው ፕላን ነው። የሁሉም ተቆርጧል፣ ሦስቱ ታስረዋል። ሙሌቱ ሐሙስ ጠዋት ስለሆነ ማሰሩ አሁን ቢቆም ይሻላል ብዬ ነው። መጥተው ሊያዩት ይችላሉ?»

ይቅርታው ከዚህ በኋላ አንዴ ይበቃል። ኢንጅነሩ «እንዴት አሮጌውን ያዝሽ?» ካሉ መልሱ የሆነው ነገር ብቻ ይሁን፦ «ቢሮ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ነው ያየሁት፤ የማሻሻያ ቁጥሩን አላመሳከርኩም።» ግድግዳው ላይ አሮጌ ፕላን የተወው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል፤ እውነት ስለሆነ መነገር አለበት፤ ሁለተኛው ሐረግ ግን ከሌለ ሰበብ ይሆናል።

በጽሑፍ የሚቀረው

በቃል የተነገረው በዚያው ቀን በአጭሩ ይጻፋል። ሳይት ላይ ቃል ይረሳል፤ በማግስቱ «አልተነገረኝም» ሊመጣ ይችላል። መልእክቱ ከአምስት መስመር አይበልጥም፦ «ዛሬ ማክሰኞ 9 ሰዓት ከ20 ላይ በስልክ እንደነገርኩዎት፣ የአንደኛ ፎቅ 8 ቢሞች ስታፋ በ15 ፈንታ በ20 ሴ.ሜ. ተሠርቷል። በእያንዳንዱ 10፣ በጠቅላላው 80 ስታፋ ይጎድላል፤ 9 ዘንግ ባለ 8 ፌሮ ያስፈልጋል። ሦስት ቢሞች ታስረዋል፤ እርስዎ ባዘዙት መሠረት ማሰሩ ቆሟል። የተስተካከለውን ስኬጁል ዛሬ 11 ሰዓት ላይ አቀርባለሁ። የሁለተኛ ፎቁን ገና አላጣራሁም።» የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ቀላል አይደለችም፤ አንዱን በአሮጌ ፕላን የሠራ ሌላውንም ሠርቶ ሊሆን ስለሚችል፣ አለቃው ቀጥሎ የሚጠይቀው እሱኑ ነው።

እርማቱ ሲቀርብ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለውን ቁጥር ለውጦ ዝም ማለት ትልቅ አደጋ አለው። ፋይሉ ትክክል ይሆናል፤ ፌራዮው ኪስ ውስጥ ያለው የታጠፈ ወረቀት ግን አሮጌው ነው። ስለዚህ አዲሱ ሠንጠረዥ ላይ «የተሻሻለ» ተብሎ ቀኑና የተለወጠው መስመር ይመለከታል፤ አሮጌው ኮፒ ከፌራዮው፣ ከፎርማኑና ከመጋዘን ይሰበሰባል። «ከሙሌት በፊት ኮንሰልታንቱ ስለሚፈትሽ ያገኘዋል» ብሎ መተውም አያዋጣም። ተቆጣጣሪው ብዙ ቢም በአጭር ጊዜ ያያል፤ ካገኘው ደግሞ ሐሙስ ጠዋት ይሆናል፤ ሠራተኛው ተሰልፎ፣ ሲሚንቶው ቀርቦ ሙሌቱ ይሰረዛል።

አርማታው ከፈሰሰ በኋላስ?

እዚህ ላይ ነው ዝምታው በጣም የሚፈትነው፤ ነገሩ ተሸፍኗል፣ የሚታይ የለም። የኪዩብ ምርመራው በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ጥሩ ውጤት ሊያመጣ ይችላል፤ ያ ግን የአርማታውን ጥንካሬ እንጂ የስታፋውን ቁጥር አይናገርም። ቢሆንም ማሳወቅ አሁንም ዋጋ አለው። ከሥር ያለው የባሕር ዛፍ ድጋፍ እስካልተነሳ ድረስ ክብደቱን የተሸከመው በአብዛኛው ድጋፉ ነው። ከመነሳቱ በፊት ከታወቀ ዲዛይን የሠራው መሐንዲስ ቢሙ በ20 ሴንቲ ሜትር ይበቃ እንደሆነ መልሶ ያሰላል፤ በመሣሪያ ብረቱ የት የት እንዳለ መፈለግ ይቻላል፤ ካልበቃም ማጠናከሪያ ይታዘዛል። ይበቃል ወይም አይበቃም የሚለውን የሚወስነው ዲዛይነሩ ነው፤ ኢንተርኗም፣ ሳይት ኢንጅነሩም አይደሉም።

አንዳንዴ መልሱ «ተዪው፣ ምንም አይሆንም» ሊሆን ይችላል። ምናልባት አለቃው እሷ የማታውቀውን ያውቁ ይሆናል። በአክብሮት መጠየቅ ያለበት አንድ ነገር ነው፦ «እሺ ኢንጅነር፤ ዲዛይነሩ እንዳዩት አድርጌ ልመዝግበው?» አዎ ካሉ ጉዳዩ በባለቤቱ እጅ ነው። መልስ ከሌለ ግን ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተናገረችውንና የተባለችውን በሎግቡኳ ላይ ትጽፋለች፤ የተጻፈው መልእክትም በእጇ ይኖራል፤ ከዩኒቨርሲቲ ለሚመጣው አማካሪዋም ታሳያለች። የደኅንነት ጉዳይ በሆነ ጊዜ ከፕሮጀክት ማናጀሩ ጋር መነጋገርም ይገባታል፤ ለኢንጅነሩ አስቀድማ ነግራ እንጂ ከጀርባቸው አይደለም።

ሎግቡኩ ላይ ከስህተቱ ይልቅ ሰፋ ብሎ መጻፍ ያለበት ምክንያቱ ነው። «ከእንግዲህ እጠነቀቃለሁ» የሚለው ለማንም አይጠቅምም። «ከዛሬ ጀምሮ በእያንዳንዱ ስኬጁል አናት ላይ የተጠቀምኩበትን ፕላን ቁጥርና የማሻሻያ ቀን እጽፋለሁ» የሚለው ግን ሰንጠረዡን የሚቀበለው ሰው ሁሉ በአንድ እይታ የሚያመሳክረው ነገር ይሰጠዋል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው አሮጌ ፕላንም በዚያው ቀን ይውረድ፤ ነገ ሌላ ኢንተርን ይመጣል።