ጣሪያው ለሚያፈስ የኪራይ ቤት የሚጻፍ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ

በሰሜን ሸዋ ዞን በዘመሮና በመሰል የመንዝ ደጋ ከተሞች የግለሰብ ቤት ተከራይተው የሚኖሩ የመንግሥት ሠራተኞች የቆርቆሮ ጣሪያው ማፍሰሱን የሚያውቁት ክረምት ሲገባ ነው። ብዙውን ጊዜ ተከራዩ ለአከራዩ በቃል ይነግራል፤ ነገሩ ወደ ክርክር ሲያመራ ግን መቼና ምን እንደጠየቀ የሚያስረዳበት ማስረጃ ያጣል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አከራዩ ቤቱን ለተከራዩበት አገልግሎት በሚመች ሁኔታ ጠብቆ የማቆየት ግዴታ ይጥልበታል። በር፣ መስኮትና የውኃ ቧንቧን የመሳሰሉ ጥቃቅን ጥገናዎች በውል ወይም በልማድ የተከራዩ ሊሆኑ ቢችሉም፣ በእርጅና የሚያፈስ ጣሪያ ከእነዚህ አይቆጠርም። ሆኖም ቆርቆሮው የተበሳው ተከራዩ የሳተላይት ዲሽ ሲያስተክል ከሆነ ጥፋቱ የራሱ ነው። በመሆኑም ከደብዳቤው በፊት ውሉን ማንበብና ጣሪያውን በአናጢ ማሳየት ያስፈልጋል።

በሕጉ አንቀጽ 1772 መሠረት ግዴታው አልተፈጸመም ብሎ መብት የሚጠይቅ ወገን አስቀድሞ ባለዕዳውን ማስጠንቀቅ አለበት። ስለዚህ ደብዳቤው ተራ አቤቱታ ሳይሆን የመብት መነሻ ነው። ለአብነት እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

"ለቤቱ ባለቤት፤ ሐምሌ 1 ቀን ከጣለው ዝናብ ጀምሮ የመኝታ ክፍሉ ጣሪያ በሁለት ቦታ ያፈሳል። ውኃው የሚገባው ዝገት በበላው ቆርቆሮና በላሉት ምስማሮች ቀዳዳ መሆኑን አናጢ አይቶ ገልጾልኛል። ቤቱን ጠብቆ የማቆየት ግዴታ የእርስዎ በመሆኑ እስከ ሐምሌ 13 ቀን እንዲያስጠግኑልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ይህ ካልሆነ በእርስዎ ወጪ ለማስጠገን እንዲፈቀድልኝና የደረሰብኝ ጉዳት እንዲካስ ለፍርድ ቤት የማመለክት መሆኑን አስታውቃለሁ።"

ሕጉ የቀኑን ብዛት አይወስንም፤ የሚሰጠው ጊዜ ግን እንደ ሁኔታው አግባብ ያለው ሊሆን ይገባል። ቆርቆሮና ምስማር ገዝቶ አናጢ ለማምጣት የማይበቃ አንድ ቀን መስጠት ደብዳቤውን ያዳክመዋል። ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ አከራዩ በአንዱ ላይ መቀበሉን በቀንና በፊርማ ቢያረጋግጥ ክርክር ይቀራል። አልቀበልም ካለም ደብዳቤው ሲሰጠው ያዩ ምስክሮች ስማቸውንና ቀኑን ሊያሰፍሩ ይችላሉ።

በተግባር ጎልቶ የሚታየው ስሕተት ተከራዩ ኪራዩን በራሱ ሥልጣን ማቋረጡ ወይም ጣሪያውን አስጠግኖ ወጪውን ከኪራይ መቀነሱ ነው። የመጀመሪያው ተከራዩን ራሱን ውል አፍራሽ ሊያሰኘው ይችላል። ሁለተኛውም ቢሆን አንቀጽ 1777 በባለዕዳው ወጪ ማሠራትን የሚያስችለው ተከራዩ ሲፈቀድለት በመሆኑ፣ ያለ ፈቃድ የወጣውን ገንዘብ ማስመለስ አዳጋች ይሆናል። ቀነ ገደቡ ካለፈ ተከራዩ ኪራዩን በወቅቱ እየከፈለ፣ የተፈረመበትን ቅጂ፣ የኪራይ ውሉንና የአናጢውን የዋጋ ግምት አያይዞ ለፍርድ ቤት ማመልከት ይኖርበታል።