ስልክን በገመድ ከኢንተርኔት ማገናኘት

ጅቡቲ፣ ሆዳን ውስጥ አንዲት እህታችን ማታ ማታ ድሬዳዋ ካሉ እናቷ ጋር በቪዲዮ ስታወራ ምስሉ ይቆምባት ነበር። ራውተሩ ሳሎን ነው፤ እሷ የምታወራው ከቆርቆሮው ግድግዳ ወዲያ ነው። ቆርቆሮ የዋይፋይ ሞገድን ያንጸባርቃል፤ በዚያ ላይ የጎረቤቶች ዋይፋይ ተጨምሮ አየሩን ይጋፋበታል።

ዩኤስቢ ሲ የሆነ የኢተርኔት ማዞሪያ ስልኳ ላይ ሰካሁ፤ ከራውተሩ ባለ ቢጫ ወደብ ገመድ ዘረጋሁ። ከዚያ ዋይፋዩንና የሞባይል ዳታውን አጠፋሁ። ይህን አትዝለሉ፤ አለዚያ የምትሞክሩት ገመዱን ይሁን ዋይፋዩን አታውቁም። አንድሮይድ ላይ ከላይ `<···>` ምልክት ይወጣል፤ ከአይፎን 15 ጀምሮ ባሉት ደግሞ በሴቲንግ ውስጥ `Ethernet` የሚል መስመር ይታያል። የማዞሪያው መብራት ካልበራ መጀመሪያ ገመዱን ቀይሩ። መብራቱ በርቶ ምልክቱ ካልመጣ ስልኩ ማዞሪያውን አላወቀው ይሆናል፤ ሌላ ስልክ ላይ ሞክሩት።

የእሷ ጥሪ በገመድ ሳይቆራረጥ ሄደ፤ ስለዚህ ችግሩ መስመሩ ላይ ሳይሆን አየሩ ላይ ነበር። በገመድም ቢቆራረጥ ኖሮ ጥፋቱ ከዋይፋዩ ሳይሆን ከሌላ ቦታ፣ ለምሳሌ ወደ ቤት ከሚገባው መስመር፣ ይሆን ነበር፤ ማዞሪያው አያድነውም ነበር።

ማዞሪያው ኃይል የሚወስደው ከስልኩ ባትሪ ነው። ረጅም ጥሪ ካላችሁ ቻርጀር የሚሰካበት ተጨማሪ ቀዳዳ ያለውን ግዙ።