ቁልፍ ሲመለስ የሚጻፍ ወረቀት

አዲስ አበባ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ተከራይቶ ዓመታት የኖረ ሰው ሲለቅ ብዙውን ጊዜ ቁልፉን አስረክቦ፣ ጉንጭ ስሞ ይሄዳል። አጭር ወረቀት ቢጨምር ግን ጥሩ ነው። «ስላደረጉልኝ ሁሉ አመሰግናለሁ» ለማንም አከራይ ይጻፋል፤ የተደረገው ነገር ራሱ ሲጠራ ነው ልብ የሚነካው፦

«እትዬ፣ ልጄ የተወለደች ሰሞን ገንፎ አገንፍተው ይዘውልን መጡ። ደመወዝ የዘገየብኝ ጊዜም ኪራዩን አንድ ቀን አልጠየቁኝም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያስቀየምኩዎት ካለ ይቅር ይበሉኝ።»

ምስጋናው እዚህ ላይ ይብቃ። ሒሳቡ ለብቻው ከታች ይጻፍ፤ ቆጣሪ በጋራ በሚጠቀሙበት ግቢ ጠብ የሚነሳው ከዚያ ነውና። ቤቱን ያስረከቡበት ቀን፣ የዚያን ዕለት የቆጣሪው ንባብ፣ የመጨረሻው የመብራትና የውኃ ድርሻ መከፈሉ፣ የተመለሱት ቁልፎች ብዛት ይስፈር። ከቅድሚያ ክፍያው የሚመለስ ካለ መጠኑን መጥቀስ ነውር አይደለም፤ ከምስጋናው ጋር ከተደባለቀ ግን ምስጋናው ለገንዘቡ ሲባል የተጻፈ ይመስላል። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ካለም ይነገር፤ ቀጣዩ ተከራይ ሳይገባ ይጠገናል።

ይህ ወረቀት የመልቀቂያ ማስጠንቀቂያን አይተካም፤ እሱ በውሉ መሠረት ቀደም ብሎ በጽሑፍ የሚሰጥ ነው። ከማስረከብዎ በፊት ወረቀቱን በስልክዎ ፎቶ ያንሱት።