ሳይኑ ባይረጋም ሊሚት አለው

x ወደ 0 ሲጠጋ የ x·sin(1/x) ሊሚት ስንት ነው? ካልኩለስ የጀመረ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚመልሰው እንዲህ ነው፦ «x ዜሮ ይሆናል፤ ዜሮ በምንም ቢባዛ ዜሮ ነው።» መልሱ ልክ ነው፤ ምክንያቱ ግን ልክ አይደለም። በዚሁ ምክንያት ከሄድን የ x·(1/x) ሊሚትም ዜሮ ሊሆን ነው፤ ብዜቱ ግን ሁልጊዜ 1 ነው።

ነገሩን የሚያከብደው sin(1/x) ነው። x እያነሰ ሲሄድ 1/x ያለ ገደብ ያድጋል፤ ሳይኑም በ1 እና በ-1 መካከል ያለ ዕረፍት ይመላለሳል። x 2/π ሲሆን ዋጋው 1 ነው፤ 2/(3π) ሲሆን -1፣ 2/(5π) ሲሆን ደግሞ ተመልሶ 1። ወደ ዜሮ የቱንም ያህል ብንቀርብ ይህ መመላለስ አያቆምም፤ ስለዚህ sin(1/x) ብቻውን ሊሚት የለውም። የሁለት ነገሮች ብዜት ሊሚት የሊሚቶቻቸው ብዜት ነው የሚለው ሕግ ደግሞ የሚሠራው ሁለቱም ሊሚት ሲኖራቸው ብቻ ነው።

ስኩዊዝ ቴረም የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ሳይኑ የት እንዳለ መናገር ባንችልም ከ1 እንደማይበልጥና ከ-1 እንደማያንስ እናውቃለን፤ በፍጹም ዋጋ ሲጻፍ |sin(1/x)| ≤ 1 ማለት ነው። ሁለቱንም ወገን በ |x| እናባዛ፦

0 ≤ |x·sin(1/x)| ≤ |x|

x ወደ 0 ሲሄድ የግራውም የቀኙም ጫፍ ወደ 0 ይሄዳል። መካከል ያለው መውጫ ስለሌለው እሱም ወደ 0 ይሄዳል። በራዲያን ብናሰላው x 0.01 ሲሆን ብዜቱ -0.005 ገደማ፣ x 0.001 ሲሆን 0.0008 ገደማ ነው። ምልክቱ ይቀያየራል እንጂ መጠኑ ከ |x| አያልፍም።

ብዙዎች የሚሰናከሉት በ |x| ፈንታ በ x ሲያባዙና -x ≤ x·sin(1/x) ≤ x ብለው ሲጽፉ ነው። x ፖዘቲቭ እስከሆነ ድረስ ይህ ያስኬዳል። x -0.01 ሲሆን ግን የጻፉት «0.01 ከ -0.01 አይበልጥም» ወደ ማለት ይመጣል። ማባዣው x² ቢሆን ኖሮ ኔጋቲቭ ስለማይሆን ይህ ችግር ባልመጣ ነበር።

ሁለቱ ጫፎች አንድ ቦታ ካልተገናኙ ደግሞ ቴረሙ ምንም አይነግረንም። x ያለ ገደብ ሲያድግ የዚያው የ x·sin(1/x) ጫፎች -x እና x ናቸው፤ እየተራራቁም ይሄዳሉ። ከዚህ ተነስቶ ሊሚት የለም ማለት ስሕተት ነው። 1/xን t ብለን ብንተካ ጥያቄው t ወደ 0 ሲሄድ (sin t)/t ወዴት ይሄዳል የሚለው ይሆናል፤ ሊሚቱም 1 ነው።