ሃያ ስልቶች፣ ሁለት ውርርዶች

እ.ኤ.አ. ኦገስት 7 ቀን 2007 ማክሰኞ ዕለት የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ሰላም ውሎ ነበር። ኤስ ኤንድ ፒ 500 የተባለው የገበያው መለኪያ ማክሰኞም ረቡዕም ከፍ ብሎ ዘጋ። በእነዚያው ቀናት ግን በኮምፒውተር ቀመር የሚገበያዩ ታዋቂ ፈንዶች ከባድ ኪሳራ ደረሰባቸው። ጎልድማን ሳክስ ያስተዳድረው የነበረ አንድ ፈንድ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከዋጋው 30 በመቶ ገደማ አጣ። በተከታዩ ሰኞ ባንኩና ሌሎች ባለሀብቶች 3 ቢሊዮን ዶላር እንደሚያስገቡለት ይፋ ሆነ።

እነዚህ ፈንዶች ገንዘባቸውን በአንድ ድርጅት ላይ የጣሉ አልነበሩም። ቀመሮቻቸው ርካሽ ናቸው ያሏቸውን እጅግ ብዙ አክሲዮኖች ይገዛሉ፤ ውድ ናቸው ያሏቸውን ደግሞ ተውሰው ይሸጣሉ። ገበያው በሙሉ ቢወድቅ እንኳ በአንዱ በኩል የጠፋው በሌላው በኩል ይካካሳል የሚል ስሌት ነበራቸው።

አሚር ካንዳኒና አንድሪው ሎ የተባሉ የኤምአይቲ ተመራማሪዎች በዚያው ዓመት አንድ ቀላል ቀመር ወስደው በእነዚያ ቀናት ዋጋዎች ላይ ሞከሩት። ቀመሩ በዕለቱ ከሌሎቹ ያነሱትን አክሲዮኖች ይገዛል፤ የበለጡትን ይሸጣል። ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ 7 በመቶ ገደማ ከስሮ፣ ዓርብ ዕለት ወደ 6 በመቶ የሚጠጋውን መለሰ። ተመራማሪዎቹ ያቀረቡት ማብራሪያ ይህ ነው፦ አንድ ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ትልልቅ ፈንዶች ይዞታቸውን በጥድፊያ መዝጋት ጀመሩ። የያዙትን ሲሸጡ ዋጋው ወረደ፤ ተውሰው የሸጡትን መልሰው ሲገዙ ዋጋው ወጣ። ሌሎቹም ፈንዶች ተመሳሳይ አክሲዮኖችን ይዘው ስለነበር በሁለቱም ወገን ከሰሩ። ብዙዎቹ በብድር የሚሠሩ በመሆናቸው እነሱም ለመሸጥ ተገደዱ፤ ሽያጩም ሽያጭን ወለደ።

በራሱ የሚሠራ ፖርትፎሊዮ ውስጥ እንዲህ ያለው የተደበቀ ቅጂ የሚለካው በተዛምዶ ነው። ሁለት ስልቶች ሁልጊዜ አብረው ከተጓዙ ተዛምዷቸው 1 ነው፤ የአንዱ ውጤት ስለሌላው ምንም የማይጠቁም ከሆነ ደግሞ ወደ 0 ይጠጋል። ስልቶቹ በመጠንም በዋጋ መዋዠቅም እኩል ናቸው ብንልና የስልቶቹን ብዛት N፣ አማካይ ተዛምዷቸውን r ብንለው፣ በእርግጥ ስንት የተለያየ ውርርድ እንዳለ የሚከተለው ቀመር ይነግረናል፦

```
N / (1 + (N - 1) × r)
```

ሃያ ስልቶች ተዛምዷቸው 0.1 ቢሆን ቀመሩ ወደ 7 የሚጠጋ ውጤት ይሰጣል። ተዛምዶው 0.5 ሲደርስ ሃያዎቹ ከሁለት ያነሰ ዋጋ ይኖራቸዋል። በዚህ ተዛምዶ ስልቶቹን ወደ መቶ ማሳደግም ከሁለት አያሳልፍም።

ለዚህ ነው በእያንዳንዱ ስልት ላይ የሚጣል ገደብ ብቻውን የማይበቃው። ሃያዎቹ ስልቶች እያንዳንዳቸው የገንዘቡን 5 በመቶ ቢይዙ ክምችቱ የተስተካከለ ይመስላል። ነገር ግን አሥራ ሁለቱ በርካሽ አክሲዮኖች መወደድ ላይ የተመሠረቱ ከሆኑ 60 በመቶው ገንዘብ በአንድ ሐሳብ ላይ ተቀምጧል። ጠንቃቃ ፕሮግራም በየጊዜው ተዛምዶውን አስልቶ ከተወሰነ መጠን፣ ለምሳሌ ከ0.6 በላይ አብረው የሚሄዱትን በአንድ ቡድን ያስቀምጣል፤ ገደቡንም በቡድኑ ላይ ይጥላል። የቡድኑ ጣሪያ 25 በመቶ ቢሆን የአሥራ ሁለቱ ድርሻ በአማካይ ወደ 2 በመቶ ግድም ይወርዳል።

መለኪያው የራሱ ድክመት አለው። ተዛምዶ የሚሰላው ካለፈው መረጃ ነው፤ ያለፉት ወራት ጸጥ ያሉ ከሆኑ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ያሳስታል። በድንጋጤ ጊዜ ሁሉም አንድ ላይ ስለሚሸጥ ተዛምዶው ድንገት ይዘላል። ስለዚህ ተዛምዶውን በክፉ ቀናት ብቻ ለይቶ ማስላት ያስፈልጋል። ከዚያም ሁሉም ወደ 0.8 ቢወጣ ምን ይደርሳል ብሎ መፈተሽ ይገባል፤ በዚያ ጊዜ ሃያዎቹ ስልቶች ከአንድ ውርርድ ብዙም አይበልጡም።

ሁለተኛው ድክመት ይብሳል፦ ተመሳሳይ አክሲዮን ማን ሌላ እንደያዘ የራስ መዝገብ አይናገርም። ጠቋሚ ምልክት ግን አለ። ገበያው ረግቶ፣ ይህ ነው የሚባል ዜና ሳይኖር፣ እርስ በርስ አይገናኙም የተባሉ ስልቶች በተከታታይ ቀናት አብረው ሲከስሩ ሌላ ሰው በጥድፊያ እየሸጠ ሊሆን ይችላል። በ2007 የብድሩ መጠን ወሳኝ የሆነው ለዚህ ነው፦ ሐሙስ ድረስ ለመሸጥ የተገደዱት ኪሳራቸውን ይዘው ወጡ፤ ብድራቸው ቀላል ሆኖ መቆየት የቻሉት ግን የዓርቡ ማገገም ደረሰላቸው።