የቪትዝ ዲናሞ ከኦክላንድ

ከአዲስ አበባ በቴሌግራም የሚመጣው ትእዛዝ ብዙ ጊዜ አጭር ነው፦ «ጋሼ፣ የቪትዝ ዲናሞ ፈልግልኝ።» ከሥሩ ኮፈኑ ተከፍቶ፣ እጅ ተንቀጥቅጦ የተነሳ ፎቶ አለ። ኦክላንድ ወይም ሳንሆዜ ያለው ዘመድ ያንን ይዞ አሮጌ መኪና የሚፈታበት ግቢ ቢሄድ ግን ቪትዝ የሚባል መኪና አያገኝም። ቶዮታ በዚህ ስም አሜሪካ ውስጥ አልሸጠም። የመጀመሪያው ቪትዝ ዘመድ እዚህ ኤኮ ይባል ነበር፤ ሁለተኛው፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው፣ ያሪስ ሆኖ መጣ።

ታዲያ ያሪስ ፈልጎ ዲናሞውን መፍታት ነው? አይደለም። የአሜሪካው ያሪስ ሞተር 1.5 ሊትር 1NZ-FE ነው። የሁለተኛው ቪትዝ ባለ 1.0 ሊትሩ 1KR-FE፣ ባለ 1.3 ሊትሩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 2SZ-FE ነው። አካሉ ወንድማማች ቢሆንም ሞተሩ ሌላ ቤተሰብ ነው። ስለዚህ ፎቶው የመኪናውን መልክ ቢያሳይም የምንፈልገውን አይነግረንም።

ከደበዘዘ ፎቶም ቢሆን የሚገኝ ነገር አለ። የአየር ማጣሪያው ሳጥን ካልሸፈናቸው በካንዴላዎቹ ላይ የተቀመጡትን ኮይሎች ቁጠሩ። ሦስት ከሆኑ ባለ ሦስት ሲሊንደሩ 1KR ነው፤ አራት ከሆኑ 2SZ ወይም NZ ሊሆን ይችላል፣ ገና አልለየም። ቀጥሎ የሊብሬውን ፎቶ ማስላክ ይሻላል። የሻንሲ ቁጥሩ በKSP90 ከጀመረ 1.0፣ በSCP90 ከጀመረ 1.3፣ በNCP91 ከጀመረ 1.5 ሊትር ነው።

ሊብሬው ግን የሚነግረን መኪናው ሲወጣ የነበረውን ነው። ሞተር የተቀየረበት ብዙ ስለሆነ መጨረሻ ላይ የሚታመነው ዲናሞው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ነው። በዘይት ከተሸፈነ በጨርቅ ተወልውሎ፣ መብራት ከጎን ተይዞ ይነሳ፤ በቴሌግራም ሲላክም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ፣ አለበለዚያ ምስሉ ይጨመቃል።

ወረቀቱ ላይ ያለው የቶዮታ ቁጥር አምስት አምስት ሆኖ ይጻፋል። 27060 ዲናሞ ማለት ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው 21 የNZ ሞተር ቤተሰብ መሆኑን ያመለክታል፣ ለምሳሌ 27060-21030። የመጀመሪያዎቹ አምስት አብዛኛውን ጊዜ አሃዝ ብቻ ስለሆኑ እዚያ B መስሎ የታየው 8 ነው ብሎ መገመት ይቻላል። ሰረዙን ካለፈ ግን ፊደልም ስለሚገባ ግምት አያስኬድም፤ ሌላ ፎቶ ያስፈልጋል።

ቁጥሩ 21 ብሎ ከመጣ ዘመዱ ዕድለኛ ነው። ያሪስና ኤኮ ብቻ ሳይሆኑ ያ ሣጥን የመሰለው የመጀመሪያው ሳይዮን ኤክስቢም ያንኑ 1NZ-FE ተሸክሟል። ፑሊውንና የሶኬቱን ቅርጽ ከላኪው ፎቶ ጋር ማመሳከር ብቻ ይቀራል። ቪትዙ 1KR ወይም 2SZ ከሆነ ግን ግቢውን መዞር ድካም ነው፤ እቃውን ሶማሌ ተራ ማስፈለጉ ይሻላል።