የክትባት ቀጠሮ ቢያልፍም የተወሰደው ዶዝ አይጠፋም

የሕፃን የክትባት ካርድ ሲገለጥ ቀጠሮዎቹ ተዘርዝረው ይታያሉ፤ በተወለደ ዕለት፣ በ6ኛ፣ በ10ኛና በ14ኛ ሳምንት፣ በ9ኛ ወር፣ በ15ኛ ወር። ለምን በ6ኛ ሳምንት ሆነ? በ3ኛው ቢሰጥስ? ቀጠሮው ሦስት ወር ካለፈስ ሁሉም ከንቱ ሆነ ማለት ነው? ወላጆች እነዚህን ጥያቄዎች ለመጠየቅ ስለሚያፍሩ ብቻ ክትባቱን የሚተዉበት ጊዜ አለ። መልሱን በአጭሩ ለመናገር፣ ክትባትን ከቀኑ በፊት መስጠት ዶዙን ያበላሸዋል። መዘግየት ግን የተወሰደውን ዶዝ አያበላሽም፤ የሚጎዳው ልጁን ያለ መከላከያ በሚያሳልፋቸው ወራት ነው። የቀረው ማብራሪያ ሁሉ ከዚህ ይወጣል።

ቀኑ እንዴት ይመረጣል?

ሕፃን ሲወለድ ባዶውን አይመጣም። በተለይ በእርግዝናው የመጨረሻ ወራት የእናቱ የበሽታ መከላከያ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ እሱ ይተላለፋል። ይህ ከእናት የተገኘ መከላከያ በወራት ውስጥ እየሳሳ ሄዶ ያልቃል። የክትባት ቀን የሚመረጠው እንግዲህ ሁለት ነገሮች ተመዝነው ነው። አንደኛው በሽታው ሕፃኑን አጥብቆ የሚያጠቃበት ዕድሜ ነው። ሁለተኛው የሕፃኑ ሰውነት ክትባቱን ተቀብሎ የራሱን መከላከያ መሥራት የሚችልበት ዕድሜ ነው።

ትክትክን እንውሰድ። አዋቂን ለሳምንታት አስሎ ይለቀዋል፤ የሁለት ወር ሕፃንን ግን ትንፋሽ አሳጥቶ ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ ክትባቱ ቶሎ መጀመር አለበት። ይሁንና በጣም ትንሽ ዕድሜ ላይ ያለ ሕፃን ሰውነቱ ለክትባቱ የሚሰጠው ምላሽ ደካማ ነው። 6ኛ ሳምንት ሁለቱ የሚታረቁበት ነው። በዚያ ቀን የሚሰጠው ፔንታ በአንድ መርፌ አምስት በሽታዎችን ይከላከላል፤ ዲፍቴሪያን፣ ትክትክን፣ ቴታነስን፣ ሄፓታይተስ ቢንና ሂብ የሚባለውን የሳንባ ምችና የማጅራት ገትር አምጪ ባክቴሪያ። አብረውት ሌላው የሳንባ ምች መከላከያ መርፌ፣ የፖሊዮ ጠብታና የሮታ ተቅማጥ መከላከያ ይሰጣሉ።

ሦስት ጊዜ የሚሰጥበት ምክንያትም አለው። የመጀመሪያው ዶዝ ሰውነትን ከጠላቱ ጋር ያስተዋውቀዋል፤ ብቻውን የሚሰጠው ጥበቃ ግን አነስተኛ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ያንን ትውውቅ ያጠነክሩታል። ሰውነት የመጀመሪያውን ሥራ ጨርሶ ለሁለተኛው እስኪዘጋጅ ቢያንስ 4 ሳምንት ያስፈልገዋል። ከ6 ወደ 10፣ ከ10 ወደ 14 የሚለው ስሌት የመጣው ከዚህ ነው። በሁለት ሳምንት ልዩነት የተሰጠ ዶዝ አይቆጠርም፤ እንደገና መሰጠት ይኖርበታል።

ኩፍኝ ለምን እስከ 9ኛ ወር ይጠብቃል?

የኩፍኝ ክትባት የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ነው። የሚሠራው በሰውነት ውስጥ ጥቂት ሲራባ ነው። ከእናት የመጣው መከላከያ ገና ካላለቀ የተዳከመውን ቫይረስ ሳይራባ ያጠፋዋል፤ ክትባቱም ሥራውን ሳይሠራ ይቀራል። ስለዚህ መከላከያው እስኪሳሳ ይጠበቃል። ብዙ ከተጠበቀ ደግሞ ኩፍኝ ቀድሞ ይደርሳል።

ኩፍኝ በሚዘወተርባቸው እንደ ኢትዮጵያ ባሉ አገሮች 9ኛ ወር የተመረጠው በዚህ ምክንያት ነው። በዚያ ዕድሜ ከተከተቡ 100 ልጆች 85 ያህሉ መከላከያ ያበጃሉ። ኩፍኝ እንደ ልብ በማይገኝባት አሜሪካ ግን መጠበቁ ስለማያሰጋ የመጀመሪያው ዶዝ ከ12ኛ ወር በኋላ ይሰጣል። አዲስ አበባ በ9 ወሩ ተከትቦ ወደ አሜሪካ የሄደ ልጅ እዚያ ሁለት ዶዝ በድጋሚ እንዲወስድ የሚጠየቀው ክትባቱ ተበላሽቶ አይደለም፤ እዚያ የሚቆጠረው ከአንደኛ ዓመት ልደቱ ወዲህ የተሰጠው ስለሆነ ነው።

የ15ኛው ወር ዶዝ በኢትዮጵያ የተጀመረው በ2011 ዓ.ም ነው። ብዙ ወላጅ «አንዴ ተከትቧል» ብሎ ይተወዋል። ነገር ግን ይህ ዶዝ የፔንታን ያህል የማጠናከሪያ ሥራ የለውም፤ ዋና ዓላማው በ9 ወር ክትባቱ ላልሠራላቸው ልጆች ሁለተኛ ዕድል መስጠት ነው። የትኛው ልጅ ከእነዚያ መካከል እንደሆነ በዓይን ስለማይታይ ሁሉም ይወስዳሉ።

ያለፈውን ማሟላት

አንድ ልጅ መስከረም 1 ተወለደ እንበል። ሲወለድ የቲቢ መከላከያውን ቢሲጂና የፖሊዮ ጠብታ ወሰደ። ጥቅምት 13፣ በ6ኛ ሳምንቱ፣ የመጀመሪያውን ዙር ተከተበ። ከዚያ ቤተሰቡ ለሥራ ሌላ ወረዳ ሄደና ኅዳር 11 እና ታኅሣሥ 9 የነበሩት ቀጠሮዎች አለፉ። ሰኔ 1 የነበረው የኩፍኝ ክትባትም አለፈ። እናትየው ነሐሴ 1 ልጁን ይዛ ጤና ጣቢያ ስትመጣ ልጁ 11 ወር ሆኖታል።

«ሲስተር፣ እንግዲህ ከመጀመሪያ ልንጀምር ነው?»

«የለም፣ የወሰደው አይጠፋም። ካቆመበት እንቀጥላለን።»

ነርሷ ልክ ናት። የሰውነት ትውስታ በወራት ውስጥ አይሰረዝም። ስለዚህ ነሐሴ 1 ሁለተኛው ፔንታ፣ ሁለተኛው የሳንባ ምች መርፌ፣ ሁለተኛው የሮታ ክትባት፣ የፖሊዮ ጠብታውና የፖሊዮ መርፌው፣ እንዲሁም የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት በአንድ ቀን ይሰጡታል። «ለአንድ ልጅ ይህ ሁሉ አይበዛም?» የሚል ስጋት ይነሣል። ሕፃን በየቀኑ በአየሩም በሚዳስሰውም ከእነዚህ እጅግ የበዙ ተዋሕስያን ስለሚያጋጥሙት አይበዛበትም። ተለያይተው ቢሰጡ ልጁ ያለ መከላከያ የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል እንጂ የሚቀልለት ነገር የለም።

ከ4 ሳምንት በኋላ፣ ነሐሴ 29፣ ሦስተኛው ፔንታ፣ ሦስተኛው የሳንባ ምች መርፌና የፖሊዮ ጠብታ ይሰጣሉ። ታኅሣሥ 1 ልጁ 15 ወር ሲሞላው ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት ይከተላል። ከመጀመሪያው የፖሊዮ መርፌ 4 ወር ስላለፈ ሁለተኛውም የፖሊዮ መርፌ በዚሁ ቀን ሊሰጥ ይችላል። ሦስት ቀጠሮ ያለፈው ልጅ በሦስት ጉብኝት ከእኩዮቹ ጋር ተስተካከለ።

ገደብ ያላቸው ክትባቶችም አሉ። የሮታ ክትባት ሁለት ዓመት ለሞላው ልጅ አይሰጥም፤ በዚያ ዕድሜ አደገኛው የሮታ ተቅማጥ በአብዛኛው አልፏል። ዓመት ካለፈው በኋላ የሚጀምር ልጅ ደግሞ በአንዳንዱ ክትባት የዶዙ ብዛትና ልዩነት ይቀየርለታል። ይህን ባለሙያዋ ካርዱን አይታ ትወስናለች። ካርዱ ከጠፋ የተከተበበት ጤና ጣቢያ መዝገብ ይታያል። ማስረጃ ካልተገኘ እንዳልተከተበ ተቆጥሮ ይሰጠዋል፤ አንድ ዶዝ ቢደገም የከፋ ጉዳት አያመጣም።

አንድ ሌላ መሰናክል አለ። የኩፍኝና የቢሲጂ ክትባቶች ደረቅ ዱቄት ሆነው ነው የሚመጡት። ብልቃጡ ከተበጠበጠ በኋላ በ6 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይጣላል። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ልጆች ስለሚሆን «ልጆች ሲበዙ ኑ» ተብላ የምትመለስ እናት አትጠፋም። መመሪያው ግን ለአንድ ልጅም ቢሆን ብልቃጡ እንዲከፈት ነው። «ልጆች ሲበዙ ኑ» ከተባላችሁ፣ «ሌላ ቀን» በሚል ሳትመለሱ ቁርጥ ያለ ቀን አስጽፉ።

ልጁ ጉንፋን ስለያዘው፣ ቀላል ተቅማጥ ስላለው ወይም ስለከሳ ቀጠሮ አይሰረዝም። የሚዘገየው ሆስፒታል የሚያስገባ ሕመም ሲኖር ነው። ክትባቱ ከናካቴው የሚቀረው ደግሞ በዋናነት ቀደም ሲል ያው ክትባት ትንፋሽ የሚያሳጥር ከባድ አለርጂ አስነሥቶ ከነበረ ነው።

ከመርፌው በኋላ

ከፔንታ በኋላ የተለመደው ትኩሳት፣ የተወጋው ጭን መቅላትና ማበጥ፣ መነጫነጭ ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ ይጀምርና በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይለቃል። ሰውነት መከላከያ እየሠራ መሆኑን የሚያሳይ ነው፤ ትኩሳት ባይኖርም ግን ክትባቱ አልሠራም ማለት አይደለም። ጡት ደጋግሞ ማጥባት፣ ልብስ ማቅለል፣ ያበጠውን በቀዝቃዛ ውሃ በተነከረ ንጹሕ ጨርቅ መያዝ ይበቃል። ጭኑን ማሸት አያስፈልግም። ፓራሲታሞል የሚሰጠው ትኩሳቱ ልጁን ካስጨነቀው ብቻ ነው፤ ልኩ በክብደት ስለሆነ ባለሙያ ሳይነግር ለትንሽ ሕፃን አይሰጥም። «እንዳይተኩሰው» ብሎ ከመርፌው በፊት መስጠት ደግሞ አይመከርም፤ ሰውነት ለክትባቱ የሚሰጠውን ምላሽ ሊያዳክም ይችላል። አስፕሪን ለሕፃን አይሰጥም።

የኩፍኝ ክትባት ትኩሳት በሌላ ጊዜ ነው የሚመጣው። የተዳከመው ቫይረስ እስኪራባ ጊዜ ስለሚወስድ ትኩሳቱና ቀላል ሽፍታው የሚታዩት ከሳምንት አካባቢ በኋላ ነው፤ በጥቂት ቀናት ይጠፋሉ።

ወላጅን በብዛት የሚያስደነግጠው ቢሲጂ ነው። ክንዱ ላይ የተነፋችው ትንሽ እብጠት ወዲያው ትጠፋና ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ቀይ እባጭ ትሆናለች። ከዚያ ትቆስላለች፣ ታዣለች፣ ለወራት ቆይታ ጠባሳ ትታ ትድናለች። ቅቤ፣ ቅባት፣ ቅጠል፣ ፋሻ፣ ምንም አያስፈልጋትም፤ በንጹሕ ውሃ መታጠብ ይበቃል። ጠባሳ ያልተወ ልጅም ክትባቱ ስላልሠራለት አይደለም፤ አይደገምለትም። በብብቱ ውስጥ የሚያድግ ወይም መግል የያዘ ንፍፊት ከታየ ግን ጤና ጣቢያ ይታይ።

ሳይዘገዩ መሄድ የሚገባው ልጁ ጡት አልጠባም ሲል፣ ሲዝለፈለፍ ወይም ለመቀስቀስ ሲያስቸግር፣ ሲያንቀጠቅጠው፣ ትንፋሹ ሲያጥር፣ ሳያቋርጥ ከ3 ሰዓት በላይ ሲያለቅስ፣ ወይም ትኩሳቱ ሁለት ቀን ሲያልፍ ነው። ወባ ባለበት አካባቢ ትኩሳትን ሁሉ በክትባት ማሳበብ አደገኛ ነው፤ ደሙ ይመርመር። ከባድ አለርጂ እምብዛም ባይከሰትም የሚታየው በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ስለሆነ ከመርፌው በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ጤና ጣቢያው ቅጥር ግቢ መቆየት ጥሩ ነው።

ብዙ ቀጠሮ የሚቀረው በመጀመሪያው ዙር ሌሊት በነበረው ትኩሳት ነው። እናት «መርፌው አሳመመብኝ» ብላ 10ኛውን ሳምንት ትተወዋለች፤ ልጁም ሰውነቱ ከበሽታው ጋር ገና እየተዋወቀ ሳለ ይቋረጥበታል። በሚቀጥለው ቀጠሮ የትኩሳቱን ነገር ለባለሙያዋ ንገሯት፤ ካርዱ ላይ ትጻፈው። ክትባቱን ግን ቀጥሉ።